ለትርጉም የሚሰጥ ወረቀት

ባለፈው የካቲት ወር የጂኦግራፊ የቤት ሥራዬን ለማሳተም በሰቆጣ ከተማ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። የገበያ ቀን ስለ ነበረ ባለቤቱን ብዙ ሰው ከብቦአቸዋል። ስለዚህ «ፋይልሽን በቴሌግራም ላኪውና ራስሽ ከዚያኛው ኮምፒውተር ፈልገሽ አውጪው» አሉኝ። እኔም እንደ ታዘዝሁት `Telegram Desktop` የሚባለውን ማኅደር ከፈትሁ። በዚያ ማኅደር ውስጥ ከእኔ የቤት ሥራ ሌላ ምን ነበረ ቢባል፥ የፊትና የኋላ ገጹ ፎቶግራፍ የተነሣ መታወቂያ፥ ማኅተም ያለበት የባንክ ሒሳብ መግለጫ፥ የላቦራቶሪ ውጤት፥ ከዐረብ አገር የመጣ የሥራ ውል ነበረ። ጥቂቶቹ ከአንድ ዓመት በፊት የገቡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን መታወቂያ አወቅሁት፤ የታላቅ ወንድሜ ነበረ።

ወንድሜ ያን መታወቂያ የላከው ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጐምለት ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝም። በዋግ ኽምራ ሰው ወረቀቱን ለማስተርጐም ሲሰጥ ወረቀቱ የት የት ይደርሳል? ምንስ ሊተረፍ ይችላል? ብዬ ለማጥናት ተነሣሁ።

በመጀመሪያ በእኛ አገር ምን ዐይነት ወረቀት በየትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍ መመልከት ይገባል። የቀበሌ መታወቂያ በአማርኛ ይጻፋል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክት ሰው ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ አለበት። የሕክምና ወረቀት ግን ተቃራኒው ነው። ሐኪሞቻችን በአማርኛ ያነጋግሩናል፤ የሚጽፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው፥ ያውም በአሕጽሮት። የባንክ ሒሳብ መግለጫም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይታተማል። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚፈርሙት ውል ደግሞ በዐረብኛ ይመጣል። እንግዲህ አንድ የዝቋላ ወይም የጻግብጂ ገበሬ ስለ ራሱ ጤና የተጻፈውን ወረቀት በራሱ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። ቤቱ ኽምጣንጋ የሚነገርበት ከሆነማ ነገሩ ሁለት ጊዜ ይርቃል፤ እኛ ልጆቹ ከማሽኑ አማርኛውን ተቀብለን በቃል ወደ ኽምጣንጋ እንመልስለታለን። ኽምጣንጋን በማሽኖቹ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ጉግል አማርኛን ወደ መተርጐሚያው ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛ የሚያውቁ ሌሎችም መጥተዋል። በነፃ ናቸው፥ ፈጣን ናቸው፤ አገልግሎታቸውንም አላቃልልም፤ እኔ ራሴ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሳነብ እጠቀምባቸዋለሁ። ዳሩ ግን የባዮሎጂ መጽሐፍና የሰው መታወቂያ አንድ አይደሉም።

የወንድሜን መታወቂያ መንገድ ተከትዬ ልንገራችሁ። ወንድሜ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ይህ አንደኛው ቅጂ ነው። በቴሌግራም ላከው፤ የተለመደው የቴሌግራም መልእክት በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ይህ ሁለተኛው ነው። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ወረደ፤ ሦስተኛው። ጸሐፊው እንግሊዝኛ ብዙ ስለማያውቅ ምስሉን በኢንተርኔት ላይ ወዳለ የነፃ መተርጐሚያ ሰቀለው፤ አራተኛው። የተገኘውን ቃል በዎርድ ጽፎ አስቀመጠው፤ አምስተኛው። ማተሚያው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለ ነበረ በፍላሽ አሻገረው፤ ስድስተኛው። የመጀመሪያው ኅትመት ስለ ተበላሸ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ካርቶን ተጣለ፤ ሰባተኛው። ወንድሜ እቤቱ ሲደርስ ፎቶውን ከስልኩ ላይ አጠፋና «አጥፍቼዋለሁ» አለ። ያጠፋው ከሰባቱ አንዱን ነው።

ከሰባቱ መካከል ስድስቱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። አራተኛው ግን ከእጃችን የወጣ ነው። ማሽን ምስልን ሲተረጕም አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ በስልኩ ላይ ሆኖ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒውተር ይሄዳል፥ እዚያ ፊደሉ ከምስሉ ተለቅሞ ይወጣል፥ ይተረጐማል፥ ይመለሳል። አንዳንድ ሰው በአድራሻው ላይ የቁልፍ ምልክት ስላየ ወረቀቱ የተጠበቀ ይመስለዋል። ያ ቁልፍ የሚናገረው ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ ይኸውም በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደማያነበው። ወረቀቱ ከደረሰበት ቤት ውስጥ ማን እንደሚያነበውና ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ አይናገርም። ይህ የሚታወቀው ከአገልግሎቱ ደንብ ነው፥ ደንቡም እንደ ኩባንያው ይለያያል። ለምሳሌ ዲፕኤል የተባለው የጀርመን ኩባንያ በነፃ የሚገባለትን ጽሑፍ ለማሽኑ ማሠልጠኛ እንደሚጠቀምበት፥ በክፍያ ለሚጠቀሙት ግን እንዲህ እንደማያደርግ ጽፎአል። ጸሐፊው ወንድሜን በየትኛው እንዳስገባው ብጠይቀው፥ በፍለጋ መጀመሪያ በመጣለት እንደ ሆነ ነገረኝ፤ ስሙን አያስታውስም።

ይህ ከንቱ ፍርሃት እንዳይመስል በ2017 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ የሆነውን ልጥቀስ። ስታትኦይል የተባለው ታላቅ የነዳጅ ኩባንያ (ከ2018 ወዲህ ኤኩዊኖር ይባላል) ሠራተኞቹ ጽሑፎቻቸውን `Translate.com` በሚባል የነፃ መተርጐሚያ ያስገቡ ነበር። በሴፕቴምበር ወር የኖርዌይ ሬድዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ኤንአርኬ እንደ ገለጸው፥ በዚያ የተተረጐሙ ጽሑፎች ማንም ሰው በጉግል ቢፈልጋቸው የሚገኙ ሆነው ተገኙ። ከመካከላቸው የሥራ ስንብት ደብዳቤዎች፥ ውሎችና የምስጢር ቃሎች ነበሩበት። የኦስሎ የአክሲዮን ገበያም ወዲያው ለሠራተኞቹ እንዲህ ያሉትን መተርጐሚያዎች ዘጋ። መተርጐሚያው የሰጠው ምክንያት ይህ ነው፤ ቀደም ሲል የማሽኑን ሥራ የሚያርሙ ፈቃደኛ ሰዎች ስለ ነበሩ ጽሑፎቹ ለእነርሱ እንዲታዩ ተደርገው ነበር። ሌባ የሰበረው በር አልነበረም፤ አገልግሎቱ እንደ ተሠራበት ሠራ እንጂ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

አሁን ከጥናቴ ሁሉ ይበልጥ ወደ ጠቀመኝ ነገር ልግባ። አንድ ቀን ማታ የወንድሜን መታወቂያ ከፊቴ አድርጌ፥ በየመስመሩ «ይህ ቃል በእርግጥ መተርጐም ያስፈልገዋልን?» እያልሁ ጠየቅሁ። መልሱ እንዲህ ሆነ። «ሙሉ ስም» የሚለው አርእስት ይተረጐማል፤ ስሙ ራሱ ግን አይተረጐምም፥ በላቲን ፊደል ይጻፋል እንጂ። «የቤት ቁጥር» የሚለው ይተረጐማል፤ ቁጥሩ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ቁጥር ነው። ፎቶግራፍ አይተረጐምም። ፊርማ አይተረጐምም። «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ይተረጐማል፤ የተጠሪው ስልክ አይተረጐምም። እንግዲህ ምስጢር የሆነው ሁሉ ትርጉም የማይሻ፥ ትርጉም የሚሻውም ሁሉ ምስጢር ያልሆነ ሆኖ አገኘሁት። አርእስቶቹን ብቻ በእጃችን ብንጽፋቸውና ብናስተረጕማቸው፥ የቀረውን በወረቀት ላይ ራሳችን ብንሞላው፥ ማሽኑ የማንን መታወቂያ እንደ ተረጐመ ሊያውቅ አይችልም። በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ጨረስሁት።

እንዲያውም ማሽኑ በስምና በቀን ላይ ይሳሳታል። «ተስፋ» የሚለውን ስም እንደ ተራ ቃል ቆጥሮ ትርጉሙን «ሆፕ» ብሎ ሲጽፈው በዐይኔ አይቻለሁ። በሌላ አገር ሕጋዊ ወረቀት ላይ አንድ ሰው የአባቱ ስም በትርጉም ተለውጦ ቢቀርብ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1997 ነው የተወለደው። ማሽኑ ወሩን ብቻ ለውጦ ዲሴምበር 12 ቀን 1990 ቢለው ሰውየው በሰባት ዓመት ያረጃል። ስለዚህ ለማሽኑ ብንሰጠውም ባንሰጠውም እነዚህን ሁለቱን ራሳችን መሥራት አለብን።

ስለ መታወቂያ ከተነሣ ሁለት ነገር ልጨምር። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን የተጻፈ ስለ ሆነ ጨርሶ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ሆኖም ያንኑ ወደ መተርጐሚያ የሰቀለ ሰው አግኝቻለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኀዝ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህ ቁጥር በየቦታው እንዳይታይ በምትኩ የሚቀርብ ባለ 16 አኀዝ ቁጥርም አለ። ባንክና ስልክ ከዚህ መታወቂያ ጋር እየተያያዙ ስለ ሄዱ፥ የካርዱ ሙሉ ፎቶግራፍ ከድሮው የቀበሌ መታወቂያ የበለጠ በሮችን የሚያስከፍት ሆኖአል። ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ በብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፋል፥ በፋይዳ ላይ ግን ብሔርም ሃይማኖትም የለም። እንደ እኛ ያለ ጦርነትና መፈናቀል ያየ አገር ሰው ይህ ቃል ማን እጅ እንደሚገባ ግድ ሊለው የሚገባበትን ምክንያት ማብራራት አያስፈልገኝም።

ወደ ሕክምና ወረቀት እንለፍ። አንድ ዘመዴ ከሐኪም የተሰጣቸውን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ቢሆንም ስለ ምስጢር በሚጽፍ ሰው ምስጢራቸው በመጽሔት እንዳይወጣ ሕመሙንና መድኃኒቱን ሆን ብዬ በሌላ ለውጫለሁ። በወረቀቱ አናት ላይ ስማቸው፥ ዕድሜያቸው፥ ቀበሌያቸውና የካርድ ቁጥራቸው ነበረ። ከሥሩ ሦስት መስመር ነበር። ፎቶግራፉን እንዳለ መስቀል ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። እኔ ግን አናቱን ትቼ ሦስቱን መስመር ብቻ በጽሑፍ አስገባሁ፤ `Type 2 DM. Metformin 500 mg BID. Follow up after 1 month.` የሚል ነው። የመጨረሻው መስመር በደኅና ተተረጐመ፥ ከአንድ ወር በኋላ እንዲመለሱ ነው። የመካከለኛው ግን ጉድ ነበር። `BID` የሚለውን ማሽኑ «ጨረታ» አለው። መድኃኒት ቤት ሄጄ ሦስቱን መስመር የገለበጥሁበትን ቁራጭ ወረቀት ሳሳይ፥ ፋርማሲስቷ ሣቁና «ልጄ፥ ይህ ከላቲን የመጣ አሕጽሮት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው፥ ጧትና ማታ ከምግብ ጋር ይውሰዱ» አሉኝ። የማንን ወረቀት እንደ ሆነም አልጠየቁኝም። እርሳቸው ባይኖሩ ዘመዴ ስንት ጊዜ ይውጡ ነበር እያልሁ አስባለሁ።

እዚህ ላይ የዘዴው ጉድለት እንዳይሸሸግ። ስምን መተው ሁልጊዜ አይበቃም። በአዲስ አበባ አንድ የ63 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ቢባል ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በዝቋላ ወረዳ አንዲት ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ያለ የ63 ዓመት ሰው፥ ብዙ የማይገኝ ሕመም ያለበት፥ በዚህ ቀን ወደ ደሴ የተላከ ቢባል ግን ስም ሳይጠራ ቀበሌው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከስሙ ጋር ዕድሜውን፥ ቀበሌውን፥ ቀኑንና የላከውን ጤና ጣቢያ ስም ማስቀረት ነው። የሳንባ ነቀርሳን ወይም ኤችአይቪን የመሰለ ሕመም ከሆነ ደግሞ፥ በእኔ አስተያየት፥ በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ አንዲት መስመርም ባይጻፍ ይሻላል። ወረቀቱን የጻፈውን ሐኪም ወይም ነርሷን «በአማርኛ ይንገሩኝ» ማለት መብት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ያፍራል፥ ዝም ብሎ ይወጣና ለማያውቀው ሰው ያሳያል።

በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ አይጻፍ ያልሁበትን ምክንያት ላሳይ። በጉግል መተርጐሚያ ላይ ጽሑፍ ስንጽፍ፥ የጻፍነው ቃል ራሱ በአድራሻው መስመር ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሆኖ ይታያል፤

```
https://translate.google.com/?sl=en&tl=am&text=Type%202%20DM&op=translate
```

`sl` የተነሣንበት ቋንቋ ነው፥ `tl` የምንሄድበት፤ ከ`text` ቀጥሎ ያለው የእኛው ጽሑፍ ነው፥ `%20` የሚለው ባዶውን ቦታ ይተካል። ይህ አድራሻ ደግሞ በኮምፒውተሩ የጉብኝት መዝገብ ላይ ይቀራል። ከእኛ በኋላ የተቀመጠ ሰው `Ctrl+H` ቢጫን የጻፍነውን ያነበዋል። ኮምፒውተሩ በጽሕፈት ቤቱ የጉግል ስም የተከፈተ ከሆነም ትርጉሙ በዚያ ስም ታሪክ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ይህን ከጓደኛዬ ጋር ሞክረን፥ ከእኛ በፊት የነበረ ተማሪ ምን እንዳስተረጐመ አነበብን። የፍቅር ደብዳቤ ነበረ፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለ ባንክ መግለጫ ብዙ የምለው የለኝም፥ ለቪዛ የሚያመለክት ሰው በእንግሊዝኛ የታተመውንና ማኅተም ያለበትን እንዳለ ያቀርባልና። የሚተረጐመው ባለ ሒሳቡ ሊያነበው ሲፈልግ ነው፤ ለዚያም `Opening balance`፥ `Debit`፥ `Credit` የሚሉትን አርእስቶች አንድ ጊዜ ማወቅ ይበቃል፤ መጀመሪያ የነበረ፥ የወጣ፥ የገባ ማለት ናቸው። ነገር ግን መግለጫው ለአታላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከወንድሜ ተማርሁ። ወንድሜ ከመታወቂያው ጋር የሦስት ወር መግለጫም አስተርጕሞ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነው» አለው። እስከ አያቱ ድረስ ስሙን ጠራ። ከጅዳ የተላከለትን ገንዘብ ልክ፥ ቀኑንም ጭምር ነገረው። ባንክ ካልሆነ ይህን ማን ያውቃል? ወንድሜ አመነ። ሰውየው ቀጥሎ «በስልክህ የሚደርስህን ስድስት ቁጥር አንብብልኝ» አለው። ወንድሜ ሦስቱን ካነበበ በኋላ ኔትወርክ ተቋረጠ። በሰቆጣ ስለ ኔትወርክ መቋረጥ ሁላችንም እናማርራለን፤ ያን ቀን ግን እናታችን እልል አለች፥ ገንዘቡ ለቤት ቆርቆሮ የተጠራቀመ ነበርና። ወንድሜ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ በእግሩ ሄዶ ጠየቀ። ባንክ ያን ቁጥር በስልክ ከቶ እንደማይጠይቅ ነገሩት፥ የምስጢር ቁጥሩንም አስለወጡት።

ያ ሰው መግለጫውን ከየት እንዳገኘው ለማወቅ አልቻልሁም። ከማኅደሩ ይሆናል፥ ከፍላሹ ይሆናል፥ ከካርቶኑ ይሆናል፥ ከመተርጐሚያው ይሆናል፤ ወይም ከሌላ ቦታ። ቅጂው ሰባት ሲሆን ጥፋተኛውን መለየት እንደማይቻል ግን ተረዳሁ። ስለዚህም ማንንም አልከስስም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ስሙን በጥቁር ሸፍኖ መስቀል አይሻልም ወይ?» ብለውኛል። ይሻላል፥ ግን በሁለት መንገድ ያታልላል። በስልክ ላይ ፎቶግራፍን የምናጠቁርበት ብዕር አንዳንዱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ለዐይን ጥቁር ይመስላል፥ ብርሃኑ ሲጨመር ግን ከሥሩ ያለው ቁጥር ብቅ ይላል። እኔ የራሴን የተማሪ መታወቂያ እንዲህ ሸፍኜ፥ ታናሽ እኅቴ የስልኩን የብርሃን ማስተካከያ ከፍ አድርጋ አነበበችው። በፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ጥቁር ሣጥን ማስቀመጥ ጽሑፉን አያጠፋውም፥ ይጋርደዋል እንጂ። በጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያቀረቡት ጽሑፍ እንዲህ የተሸፈነ ነበር፤ ጋዜጠኞች የተሸፈነውን ቀድተው በሌላ ገጽ ላይ ቢለጥፉት ሁሉም ተነበበ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ራስን ማድረግ። `Ctrl+A`፥ ቀጥሎ `Ctrl+C` ተጭኖ በባዶ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ከሁሉ የሚታመነው ግን የወረቀት ቅጂ ላይ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ከድኖ ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ያልተነሣ ነገር ከምስሉ ውስጥ አይገለጥም።

ሙሉው ወረቀት ከነስሙ መተርጐም ያለበት ጊዜም አለ፤ ለፍርድ ቤት፥ ለኤምባሲ፥ ለውጭ አገር ትምህርት ቤት ሲሆን። እዚያ ደግሞ የማሽን ትርጉም ብቻውን አይረዳም። ለምሳሌ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ትርጉሙን የሠራው ሰው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ እንደ ሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ማሽን እንዲህ ያለ ቃል አይሰጥም። ስለዚህ ወንድሜ ለጽሕፈት ቤቱ የከፈለበት ወረቀት ለምንም አልዋለም፤ በኋላ ፈቃድ ካለው ተርጓሚ ዘንድ እንደ ገና አሠራው። ያን ጊዜ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሄደ፥ ተርጓሚውንም ሁለት ነገር ጠየቀ፤ በኢንተርኔት መተርጐሚያ ያስገቡታልን? ሥራው ካለቀ በኋላ ፋይሉ መቼ ይጠፋል? ተርጓሚው አልተቈጡም።

የሕግም መሠረት አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይቈጥረዋል፤ አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም ከባሕር ማዶ ወዳለ መተርጐሚያ ራሳችን በእጃችን የሰቀልነውን ለማስመለስ ረጅም መንገድ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

በመጨረሻ ከወንድሜ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለስን። ባለቤቱ እንደሚቈጡ ጠብቀን ነበር፤ እርሳቸው ግን «እኔ መች ለክፋት አስቀመጥሁት፤ ሰው ነገ ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉን ባጣ ይጣላኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው። አብረን ተቀምጠን የወንድሜን ፋይል በ`Shift+Delete` አጠፋን፤ በተለመደው መንገድ ቢጠፋ በ`Recycle Bin` ውስጥ ይቀመጣልና። ከዚያም ወንድሜ በራሱ ስልክ የላከውን መልእክት ሲሰርዝ `Also delete for` የሚለውን ምልክት አድርጎ ከሁለቱም ወገን አጠፋው። ይህ ግን ቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ የወረደውን ስለማይነካ ሁለቱንም ማድረግ ነበረብን። ፍላሹን አጸዱልን። ካርቶኑን እኔ ራሴ ይዤ ወጣሁ፤ እናቴ ለእሳት ማቀጣጠያ አደረገችው።

ባለቤቱም በግድግዳቸው ላይ «ፋይልዎ በዕለቱ ማታ ይጠፋል» የሚል ወረቀት ለጠፉ። በማግስቱ ጧት አንድ ሰው የትናንቱን ፋይል ሊወስድ መጥቶ፥ ጠፍቶ ቢያገኘው ግማሽ ቀን ሲሟገታቸው ዋለ ይባላል። ማስታወቂያው ግን ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ አልተነሣም።